«ጎበዝ ናት» ማለት ምስክርነት አይደለም

የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የምታመለክት የቀድሞ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቅ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የምታገኘው መልስ «ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርምልሻለሁ» የሚል ነው። ተማሪዋ ከኢንተርኔት ባገኘችው ናሙና ላይ ስሟን አስገብታ ታመጣለች፣ መምህሩ በቁሙ ገረፍ አድርጎ ያነበዋል፣ ይፈርማል፣ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ማህተም ታሳርፍበታለች። መምህሩ ውለታ የዋለ ይመስለዋል። ተማሪዋም ጥሩ ደብዳቤ ያገኘች ይመስላታል። ይህን ልማድ ደግፎ ያቆመው እምነት ሦስት እግር አለው። ምስጋናው በበዛ ቁጥር ደብዳቤው ይጠቅማል፤ የፈራሚው ማዕረግ ከፍ ባለ ቁጥር ቃሉ ይሰማል፤ የተማሪን ድክመት ማንሳት ደግሞ ዕድሏን መዝጋት ነው። እኔ ሦስቱም ስህተት ናቸው እላለሁ። ከሁሉ በላይ የሚጎዱትም ምርጥ ተማሪዎቻችንን ነው፤ ምክንያቱም ምርጧን ተማሪ ከመካከለኛዋ የሚለየው ነገር እንዲህ ባለ ደብዳቤ ውስጥ ሊገባ አይችልም።

ደብዳቤው የሚደርሰው ሰው እጅ ላይ ምን እንዳለ እናስብ። የመራጭ ኮሚቴ አባል የአመልካቿን የውጤት ማስረጃ ይዟል፤ ስለዚህ ነጥቧን ከእኛ መስማት አይፈልግም። የሥራ ልምዷን የሚዘረዝር ወረቀት ይዟል። ለምን መማር እንደምትፈልግ ራሷ የጻፈችውን ጽሑፍም ይዟል። የሌለው አንድ ነገር ነው፦ እሷ ስትሠራ አጠገቧ የነበረ ሰው ያየው። ነጥቡን፣ ዲግሪውንና የተመረቀችበትን ዓመት ደግመን የምንጽፍለት ከሆነ የላክንለት ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ባይኖርም ለውጥ አያመጣም። ሦስት ደብዳቤ የሚጠይቀው የፉልብራይት ፕሮግራም ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ውዳሴ ለማንበብ ፈልጎ አይደለም፤ ሦስት ሰዎች ከሦስት አቅጣጫ ያዩትን ለማወቅ ነው።

አሁን የተለመደውን ደብዳቤ እንይ። መልኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ተማሪዋን ለአራት ዓመት አውቃታለሁ። እጅግ ታታሪ፣ ብሩህ አእምሮ ያላት፣ ሥነ ምግባር የተላበሰች፣ ከጓደኞቿ ጋር ተግባቢ፣ የመሪነት ክህሎት ያላት ናት። በክፍሏ ካሉት ምርጥ ተማሪዎች አንዷ ነበረች። ያለ ምንም ማመንታት ድጋፌን እሰጣታለሁ።» ከዚህ ውስጥ የተማሪዋን ስም አውጥተን የሌላ ተማሪ ብናስገባ የሚሰናከል ዓረፍተ ነገር የለም። የትምህርት ዘርፉን ከውሃ ምህንድስና ወደ ሒሳብ አያያዝ ብንቀይረውም እንደዚያው። አንባቢው ይህን የሚያውቀው ደብዳቤው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ በዚያው ቀን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ቃል በቃል የሚመሳሰል ደብዳቤ ስላነበበ ነው። «ታታሪ» ብሎ የጻፈ መምህር ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ ካልነገረ አንባቢው የሚይዘው ነገር አያገኝም።

በአንጻሩ አንድ ጉዳይ ከሥሩ ልከተል። የምርቃት ፕሮጀክት ስላማከርኳት ተማሪ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቅ ዝርዝር ትቼዋለሁ። አራት ተማሪዎች ያሉበት ቡድን በሰሜን ምዕራብ ደጋ ለአንዲት ቀበሌ የመስኖ አነስተኛ ግድብ ዲዛይን ይሠራ ነበር። የእሷ ድርሻ የዝናቡን መረጃ ተንትኖ በዓመት ወደ ግድቡ የሚገባውን ውሃ መገመት ነው። የ20 ዓመት የዕለት ዝናብ መዝገብ በኮምፒውተር ፋይል ተሰጥቷቸዋል። አብዛኛው ቡድን በዚህ ደረጃ የሚያደርገው ቁጥሩን ደምሮ ለ20 ማካፈል ነው። ይህ ሲደረግ የዓመቱ አማካይ 1,050 ሚሊ ሜትር ወጣ፤ ለአካባቢው የማይታመን ቁጥር አይደለም፣ ማንም አይጠራጠረውም።

እሷ ግን ከመደመሯ በፊት እያንዳንዱን ዓመት በየወሩ በግራፍ ሳለችው። በአራት ዓመታት ውስጥ ጁላይ ከፍ ይላል፣ ሴፕቴምበር ጥሩ ነው፣ ኦገስት ግን ዜሮ ነው። በክረምቱ አናት፣ በደጋ፣ ወር ሙሉ ጠብታ የለም ማለት ነው። የቡድኗ አባላት መረጃው ማህተም ያለበት ይፋዊ መረጃ ነው፣ አትንኪው አሏት። እሷ በ40 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ የሦስት ጣቢያዎችን መዝገብ አገኘች፤ በእነዚያ አራት ኦገስቶች ሦስቱም ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ መዝግበዋል። ከዚያ የተጠራቀመውን የዚህን ጣቢያ ዝናብ ከጎረቤቶቹ የተጠራቀመ አማካይ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አስቀመጠችው። መዝገቡ ጤነኛ ቢሆን ነጥቦቹ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ የእሷ መስመር ግን አራት ቦታ ላይ ወደ ጎን ተኛ። ጎረቤቶቹ እየጨመሩ ይህ ጣቢያ ቆሟል ማለት ነው።

በዚህም አላበቃችም። ጣቢያው ድረስ ሄዳ የወረቀቱን መዝገብ እንድታይ የትብብር ደብዳቤ ከእኔ አስጽፋ ሄደች። ከአራቱ ወራት በሦስቱ ገጹ ላይ ሰረዝ ብቻ ነበር፤ መዝጋቢው አልነበረም። በአራተኛው ግን ንባቡ በእስክሪብቶ ተጽፎ ተቀምጧል፣ ወደ ኮምፒውተር ያስገባው የለም። መረጃውን ወደ ፋይል ያስገባው ሰው ባዶውን ሁሉ በዜሮ ሞልቶታል። ያልተለካ ዝናብ ያልዘነበ ዝናብ ሆኖ ቁጭ አለ። እሷ የተገኘውን ወር ከወረቀቱ ላይ ገለበጠች፤ ሦስቱን ከጎረቤት ጣቢያዎች፣ የየጣቢያውን የብዙ ዓመት አማካይ እንደ ሚዛን ተጠቅማ ገመተች። ከዚያ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራችው፣ አንዴ በተሰጣት መረጃ፣ አንዴ በታረመው። አንዱ ኦገስት በአማካይ 260 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ አራቱ ሲደመሩ 1,040 ይሆናሉ፤ ለ20 ሲካፈል የዓመቱ አማካይ በ52 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር ማለት ነው። እርማቱ አማካዩን ወደ 1,100 አካባቢ አወጣው። አምስት በመቶ ገደማ ነው፤ ግድብን አያፈርስም፣ ግን ስንት ሄክታር ይለማል የሚለውን ይቀይራል። ሪፖርቷ ላይም ሦስቱ ወራት ግምት እንጂ ልኬት እንዳልሆኑ በግልጽ ጻፈች።

ቡድኑ በዚህ ሁሉ ምክንያት ዘገየ። የግድቡ መዋቅር ስሌት ሳያልቅ ማቅረቢያው ቀን ደረሰ፣ የፕሮጀክቱም ውጤት ቢ ፕላስ ሆነ። ዳኞቹ ትክክል ነበሩ፤ ሥራው ሙሉ አልነበረም። እንግዲህ የውጤት ማስረጃዋን የሚያይ የኮሚቴ አባል የሚያየው «የምርቃት ፕሮጀክት፦ ቢ ፕላስ» የሚል አንድ መስመር ነው። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዋ ያሳየችው ትልቁ ነገር ከዚያ መስመር በታች ተቀብሯል። ይህን ቆፍሮ ሊያወጣ የሚችል ሰው አማካሪዋ ብቻ ነው፤ እሱም «ታታሪና ብሩህ» ብሎ ከፈረመ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ታዲያ ደብዳቤው ምን ይላል? የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ላስቀምጥ።

«አመልካቿን ሁለት ኮርስ አስተምሬያታለሁ፤ በአምስተኛ ዓመት የምርቃት ፕሮጀክቷንም አማክሬያለሁ። ፕሮጀክቱ የአራት ሰዎች ነበር፤ ከዚህ በታች የምገልጸው የዝናብ ትንተና ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእሷ ሥራ ነው። ከተሰጣት የ20 ዓመት መረጃ ውስጥ በአራት ዓመታት የክረምት ወር በሙሉ ዜሮ መሆኑን አየች፤ ከሦስት ጎረቤት ጣቢያዎች ጋር አመሳከረች፤ ጣቢያው ድረስ ሄዳ በወረቀት መዝገቡ አረጋገጠች። የተሳሳተው እኔ የሰጠኋት ፋይል ነበር፤ ከእሷ በፊት የተጠቀሙበት ቡድኖች አላዩትም። ፕሮጀክቱ ቢ ፕላስ ያገኘው መዋቅራዊ ስሌቱ ስላልተጠናቀቀ ነው፤ ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ምርመራ ነበር። ችግሩን ካየች በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ይዛው ስለቆየች ወቀስኳት፤ ቀድማ ብትነግረኝ ጊዜ ይተርፍ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ፕሮጀክቱ ፍጻሜ በየሳምንቱ የአንድ ገጽ ማስታወሻ ትልክልኝ ነበር። በሰው ፊት ስታቀርብ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ሲጠይቋት ግን መልሷ ትክክልና አጭር ነው። በምርቃት ፕሮጀክት ካማከርኳቸው 60 ያህል ተማሪዎች መካከል መረጃን በመመርመር ረገድ ከሦስቱ አንዷ ናት። በሃይድሮሊክስ ንድፈ ሐሳብ ግን ከእሷ የሚበልጡ ነበሩ።»

ከአንድ ገጽ ያነሰ ነው። «ታታሪ» የሚል ቃል የለበትም፤ ጣቢያው ድረስ መሄዷን ያነበበ ሰው ታታሪነቷን ራሱ ይደርስበታል። «ሐቀኛ» የሚልም የለበትም፤ ግምቱን ግምት ብላ መጻፏ ይናገራል። ለየት አድርጌ ላነሳ የምፈልገው የቡድኑን ጉዳይ ነው፤ በእኛ አገር የምርቃት ፕሮጀክት ብዙውን ጊዜ የቡድን ሥራ በመሆኑ ደብዳቤ ጸሐፊው የማንን እጅ እያየ እንደሆነ ካልተናገረ አራቱም ተማሪዎች ያንኑ ግድብ በየማመልከቻቸው ሊጠቅሱት ይችላሉ። ንጽጽሩም እንደዚያው ነው። «ከምርጦቹ አንዷ» የሚለው ከስንት ሰው መካከል፣ በምን ጉዳይ የሚለውን ካላስከተለ ትርጉም የለውም። 60 ያህል ሰው፣ በመረጃ ምርመራ፣ ከሦስቱ አንዷ ሲባል ግን አንባቢው ቃሉን የሚመዝንበት ያገኛል።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ በመምህራን ክፍል ስንጨቃጨቅበት የኖርነው ነው። «አንተ ድምፅዋ ዝቅ ይላል ትላለህ፣ የጎረቤቱ ዩኒቨርሲቲ መምህር የእሱን ተማሪ በዘመኑ ያልታየ ብሎ ይጽፍላታል፤ የማን ተማሪ ያልፋል?» ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በከፊልም እውነት አለው። በተለይ በአሜሪካ የደብዳቤ አጻጻፍ ሞቅ ያለ ነው፤ ቀዝቃዛ ደብዳቤ እዚያ እንደ ተቃውሞ ሊነበብ ይችላል። «ግዴታዋን ተወጥታለች» ብሎ መጻፍ ለአሜሪካ አንባቢ አትቀበሏት እንደ ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቅዝቃዜን አልመከርኩም። ከላይ ያለው ደብዳቤ ሞቅ ያለ ነው፤ ሙቀቱ የመጣው ከተደረገው ነገር ነው። በዘመኑ ያልታየች የተባለችው ተማሪ ደግሞ ምን እንዳደረገች ካልተጻፈ፣ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ስለ አንዷ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል፣ ስለ ሌላዋ አይኖረውም። ለአመልካች የሚከራከር የኮሚቴ አባል መረጃ ይፈልጋል፤ ቅጽል ይዞ መከራከር አይቻልም።

ድክመትን በተመለከተ መስመሩ የት እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሐቀኛ ልሁን ብሎ ተማሪን የሚጥል ደብዳቤ መጻፍም ይቻላል። የሚጻፈው ድክመት መምህሩ ራሱ ያየው፣ ከሥራው ጋር የተያያዘ፣ ተማሪዋ ምን እንዳደረገችበት አብሮ ሊነገር የሚችል መሆን አለበት። ችግርን ለብቻ ይዞ መቆየት፣ ከዚያም በየሳምንቱ ማስታወሻ መላክ፣ እንዲህ ያለ ነው። የቤተሰብ ሁኔታ፣ ሕመም፣ የኑሮ ችግር ግን ያለ እሷ ፈቃድ በደብዳቤ አይገባም፤ ሲፈቀድም የሚጻፈው በሥራዋ ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማስረዳት ብቻ ነው። ስለ ሌላ መምህር ኮርስ ውጤትም ምክንያት መደርደር የእኛ ሥራ አይደለም። በራሴ ኮርስ ሲ ፕላስ የሰጠኋት ከሆነ ግን ስለዚያ ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሰው የለም። የመጨረሻ ፈተናው ላይ የትኛው ጥያቄ እንደጣላት፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ ጽንሰ ሐሳብ በፕሮጀክቷ እንዴት እንደተጠቀመችበት አውቃለሁ። ዝቅተኛ ውጤት የሰጠ መምህር ደብዳቤ መጻፍ የለበትም የሚባለው ከንቱ ፍርሃት ነው።

«ጽፈሽ አምጪው» የሚለው ልማድ የሚያስከትለው ጉዳት ከምናስበው በላይ ነው። ተማሪዋ ሁለት ወይም ሦስት ደብዳቤዎችን ራሷ ስትጽፍ የቃላት ልማዷ በሁሉም ውስጥ ይገባል። ያው የምትወደው አያያዥ ቃል፣ ያው የሰዋስው ስህተት፣ ያው የዓረፍተ ነገር ርዝመት፤ በራሷ የፍላጎት መግለጫ ላይም እንደዚያው። እነዚህን ጽሑፎች በአንድ ፋይል ውስጥ በተከታታይ የሚያነብ ሰው አንድ እጅ መሆኑን ለማወቅ ልዩ ችሎታ አያስፈልገውም። በዚያን ጊዜ የሚወድቀው ደብዳቤው ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ የሆነው ሌላው ማስረጃዋም ይጠረጠራል። ከዚህም በላይ ተማሪ ስለ ራሷ ስትጽፍ ታፍራለች፤ ድፍረት የሚያስፈልገውን ትተዋለች። የ52 ሚሊ ሜትሩን ነገር ያቺ ተማሪ ራሷ ብትጽፈው ኖሮ «መረጃዎችን ተንትኛለሁ» ብላ ታልፈው ነበር፤ የተለየ ነገር መሥራቷን የሚያውቀው 60 ያህል ተማሪዎችን ያየው ሰው ነው።

ተማሪዋ ለመምህሩ ማቅረብ ያለባት ደብዳቤ ሳይሆን ጥሬ ነገር ነው። የውጤት ማስረጃዋን፣ የፕሮጀክት ሪፖርቷን ወይም የቤት ሥራዋን፣ የምታመለክትበትን ፕሮግራም መግለጫ፣ የራሷን የፍላጎት ጽሑፍ ረቂቅ፣ የማስገቢያውን ቀን ከነሰዓቱ፣ እና አብረን የሠራነውን የሚያስታውስ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ። የፕሮግራሙ መግለጫ ለይስሙላ አይደለም። ቺቭኒንግ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ፣ የመሪነት አቅምን አጥብቆ የሚመለከት ፕሮግራም ነው፤ ለእሱ የሚጻፍ ደብዳቤ «ይህ ይፋዊ መረጃ ነው» ያሏትን የቡድን ጓደኞቿን እንዴት እንዳሳመነቻቸው በመግለጽ ላይ ማተኮር ይኖርበታል። የምርምር ማስተርስ ከሆነ ደግሞ የጎደለውን መረጃ የሞላችበት ዘዴ ይቀድማል። ክስተቱ አንድ ነው፤ የሚነገርበት አቅጣጫ ይለያያል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ተጽፎ በማህተም የታሸገ አንድ ወረቀት ለአሥር ፕሮግራም ሲባዛ ለአንዳቸውም አይመልስም።

ወደ ማዕረጉ ጉዳይ ልምጣ። ተማሪዎች የላብራቶሪ ረዳቱን አልፈው ዲኑን የሚለምኑት ፊርማው ከብዶ ይታያል ብለው ነው። ዲኑ ግን ተማሪዋን የሚያውቃት በምርቃት ቀን ስሟ ሲጠራ ነው። ከ«የዩኒቨርሲቲያችን ተመራቂ ናት» አልፎ የሚለው የለውም። በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት አብሯት የቆመው፣ የአፈሩ ናሙና በምድጃው ውስጥ በደንብ ሳይደርቅ ክብደቱን መዝግባ ሲያገኛት እንደገና ከመጀመሪያ እንድትጀምር የነገራትና እሷም የጀመረችውን ያየው ረዳቱ ነው። የእሱ አንድ አንቀጽ ከዲኑ አንድ ገጽ ይበልጣል። እርግጥ ሕግ ያላቸው አሉ፤ የቻይና መንግሥት የትምህርት ዕድል ለድኅረ ምረቃ አመልካቾች ሁለት ደብዳቤዎችን ከፕሮፌሰር ወይም ከተባባሪ ፕሮፌሰር ይጠይቃል። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ፕሮፌሰሩ ያላየውን እንዳየ አድርጎ መጻፍ አይደለም። ረዳቱ ያየውን ለፕሮፌሰሩ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ፕሮፌሰሩ «ላብራቶሪውን የመራው የሥራ ባልደረባዬ እንደነገረኝ» ብሎ ምንጩን ጠቅሶ ያስገባዋል፣ ራሱ የሚያውቀውንም ለይቶ ይጨምራል። ምንጩ የተነገረ ቃል ዋጋውን አያጣም።

ማህተሙም የተጋነነ ቦታ ይዟል። ዛሬ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ደብዳቤውን ከተማሪዋ እጅ አይቀበሉም። በመምህሩ ኢሜይል አገናኝ ይልኩና እሱ ራሱ ገብቶ እንዲያስገባ ይጠይቃሉ። እነሱ የሚያዩት ኢሜይሉ የተቋም አድራሻ መሆኑን ነው። የብዙዎቻችን የተቋም ኢሜይል በየጊዜው ስለሚቋረጥ የግል አድራሻ እንሰጣለን፤ ይህ ጥያቄ ያስነሳል፣ ስለዚህ አስቀድሞ የተቋሙን አድራሻ ማስከፈት የመምህሩ ኃላፊነት ነው። አገናኙ ብዙ ጊዜ የማይፈለጉ መልእክቶች በሚጠራቀሙበት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የመዝጊያው ሰዓትም የሌላ አገር ሰዓት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ ላይ ደግሞ ተማሪዋ ደብዳቤውን የማየት መብቷን ትታ እንደሆነ የምትጠየቅበት ቦታ አለ፤ ከ1974 የትምህርት መዛግብት ሕግ የመጣ ነው። የማየት መብቷን መተዋ ለደብዳቤው ክብደት ይሰጠዋል፣ ምክንያቱም መምህሩ ያለ ይሉኝታ የጻፈው መሆኑን ያሳያል። ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ የማየት መብቴን ትቻለሁ ብላ መፈረም ግን አንባቢን ማሳሳት ነው፤ «ጽፈሽ አምጪው» ያለው መምህር ተማሪዋን እዚህ ውስጥ እንደከተታት አያስተውልም።

ከደብዳቤው ጋር የሚመጣው የደረጃ ሠንጠረዥም አለ። የአእምሮ ብቃት፣ የጽሑፍ ችሎታ፣ ተነሳሽነት፣ የቡድን ሥራ፤ ለእያንዳንዱ ከላይ አንድ ወይም ሁለት በመቶ፣ አምስት በመቶ፣ አሥር በመቶ እያለ ይወርዳል። የእኛ መምህር ከላይ እስከ ታች የመጀመሪያውን ሳጥን ብቻ ምልክት አድርጎበት ይልካል። ለተማሪዋ ያዘነላት ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ሠንጠረዡን ከጥቅም ውጪ ማድረግ ነው። ብዙዎቹ ሠንጠረዦች «ለመመዘን ዕድል አላገኘሁም» የሚል ሳጥን አላቸው። የጽሑፍ ችሎታዋን አንድም ቀን ያላየ የላብራቶሪ መምህር ያንን ቢመርጥ ሌሎቹ ምልክቶቹ ይታመናሉ። የንግግር ችሎታ ላይ ከላይ 25 በመቶ፣ መረጃ ምርመራ ላይ ከላይ አምስት በመቶ ያለ መምህር የሚያውቃትን ሰው እየመዘነ መሆኑ ይታያል።

መምህራን የሚሉት የመጨረሻ ነገር ጊዜ የለንም ነው፤ ይህንን አላጣጥለውም። በአንድ ሴሚስተር ሁለት መቶ ተማሪ የሚያስተምር፣ ደመወዙ የማይበቃው፣ በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብደው ሰው ለእያንዳንዱ ጠያቂ ቁጭ ብሎ መጻፍ አይችልም። ነገር ግን ሁለት መቶውም አይጠይቁትም፤ ከሚጠይቁትም ሊመሰክርላቸው የሚችለው ጥቂቶቹን ነው። እንግሊዝኛውም አጫጭር ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ይበቃል፤ የተደረገ ነገርን መናገር ከውዳሴ ይልቅ ቀላል ቋንቋ ነው። የሚከብደው ማስታወሱ ነው፤ ተማሪዋ የምትመጣው ከተመረቀች ከሦስት ዓመት በኋላ ነውና። ለዚህ እኔ የማውቀው መድኃኒት በውጤት መመዝገቢያው ጠርዝ ላይ ሴሚስተሩ ሳያልቅ አንድ አንድ መስመር መጻፍ ነው፦ «የኦገስትን ዜሮ ያገኘችው እሷ ናት»፣ «ፓምፑ ሲበላሽ ቀርቶ ያስጠገነው ልጅ»። ምንም መስመር ያልተጻፈላቸው ብዙዎች ይሆናሉ፤ ስለ እነሱ መመስከር የማልችል መሆኔን የሚያሳየኝም ይኸው ባዶ ጠርዝ ነው።

ለእነሱ የሚሰጠው መልስ እምቢታ ነው፤ እምቢታውም ቶሎ መሰጠት አለበት። «አንቺን በደንብ አላውቅሽም፤ የምጽፈው ደብዳቤ አይጠቅምሽም። የመስክ ልምምድሽን የተከታተለው መሐንዲስ ያውቅሻል፣ እሱ ዘንድ ሂጂ» ብሎ መናገር በባህላችን ፊት እንደ ማዞር ስለሚቆጠር መምህሩ ይሉኝታ ይዞት እሺ ይላል፤ ከዚያ ናሙናውን አስመጥቶ ይፈርማል። ማስገቢያው ሁለት ወር ሲቀረው እምቢ የተባለች ተማሪ ግን መሐንዲሱን ለማግኘት፣ ሪፖርቷን ለመላክ፣ እሱም አስታውሶ ለመጻፍ የሚበቃ ጊዜ አላት።